ፖስትዶክ፦ በማን ገንዘብ፣ ለስንት ጊዜ፣ ወደ የት?

ፖስትዶክ ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው በአንድ ልምድ ያለው ተመራማሪ ቡድን ውስጥ ገብቶ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራበት የምርምር ሥራ ነው። ፖስትዶኩ ተማሪ አይባልም፤ ኮርስ አይወስድም፣ አይፈተንም፣ ሲጨርስም አዲስ ዲግሪ አይሰጠውም። መምህርም አይባልም፤ ቋሚ የሥራ መደብ የለውም። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ውል ወይም ድጋፍ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በሠራው ሥራና ባሳተማቸው ጽሑፎች ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

በአሜሪካ ይህ አሠራር መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ያን ጊዜ የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ባገኘው ገንዘብ፣ ዶክትሬታቸውን ገና ለጨረሱ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሰዎች ከማስተማር ነፃ ሆነው የሚመራመሩበትን ዕድል ከፈተ። ዕድሉ ለጥቂቶች የተሰጠ ክብር ነበር። ዛሬ ግን በተለይ በሥነ ሕይወትና በሕክምና ምርምር የላብራቶሪው የዕለት ተዕለት ሥራ በአብዛኛው በፖስትዶኮችና በዶክትሬት ተማሪዎች ትከሻ ላይ ወድቋል። ስሙ ያው ሆኖ ትርጉሙ ስለ ተለወጠ፣ «ፖስትዶክ አገኘሁ» የሚሉ ሁለት ሰዎች ያገኙት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን ለይቶ ለማወቅ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ደመወዙ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው። መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ቡድኑን የሚመራው ፕሮፌሰር ራሱ ተወዳድሮ ያሸነፈው የምርምር ገንዘብ አለው፤ በዚያ ገንዘብ ሰው ይቀጥራል። ሁለተኛው፣ አመልካቹ በራሱ ስም የምርምር ዕቅድ አቅርቦ ከአንድ ድርጅት ፌሎሺፕ ያገኛል፤ ፕሮፌሰሩም ተቀባይ ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው መንገድ የሚሠራው የፕሮፌሰሩ ፕሮጀክት ነው፤ ጥያቄው ቀድሞ ተነድፏል፣ ለገንዘብ ሰጪው የሚቀርበው ሪፖርትም ቀኑ ተቆርጧል። በሁለተኛው ጥያቄው የአመልካቹ ነው፤ ኋላም ይዞት መሄድ ይቀለዋል። ፍለጋው፣ የማመልከቻው አጻጻፍ፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣው ሁሉ በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ይወሰናል።

በፕሮፌሰሩ ገንዘብ የሚቀጠርበት መንገድ ከተራ የሥራ ቅጥር ብዙም አይርቅም። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሲቪና ደብዳቤ ይላካል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። የአውሮፓ ቦታዎች በአብዛኛው በአውሮፓ ኅብረት የተመራማሪዎች መድረክ በዩራክሰስ፣ የብሪታንያዎቹ ደግሞ jobs.ac.uk በተባለው ገጽ ላይ ይወጣሉ። «ኔቸር» እና «ሳይንስ» የተባሉት ጆርናሎችም የራሳቸው የሥራ ገጽ አላቸው። ሆኖም ቦታው ለዓለም ከመታወጁ በፊት ፕሮፌሰሩ የሚያውቀውን ሰው በልቡ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በኮንፈረንስ ያገኘውን ወይም የቅርብ ባልደረባው የጠቆመውን። ማስታወቂያው በጣም አጭር ጊዜ ብቻ ክፍት ከሆነ፣ የሚፈለገውም ችሎታ የአንድን ሰው ሲቪ የተገለበጠ እስኪመስል ድረስ ከጠበበ፣ ቦታው ቀድሞ ባለቤት እንዳገኘ መጠርጠር ይቻላል። እንዲህ ባለው ማመልከቻ ላይ ሳምንት ማቃጠል አያዋጣም።

ስለዚህ ማስታወቂያን ብቻ ከመጠበቅ ይልቅ ለፕሮፌሰሩ በቀጥታ መጻፍ በመስኩ የተለመደ ነው፤ እንደ ድፍረትም አይቆጠርም። የሚያስቸግረው የአጻጻፉ ነገር ነው። ስማቸው የታወቀ ፕሮፌሰሮች «በተከበረው ላብራቶሪዎ ማንኛውንም ክፍት ቦታ እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሳቸዋል፤ ከስሙ በቀር ሁሉም ለመቶ ሰው የተላከ መሆኑ ስለሚያስታውቅ ሳይነበብ ይሰረዛል።

አንዲት የአፈር ሳይንስ ዶክተር እንውሰድ። በኢትዮጵያ ደጋ በአሲድ የተጠቃ አፈር ላይ ሠርታለች፤ ኖራ ሲጨመር ፎስፈረስ ለተክሉ እንዴት እንደሚለቀቅ ነው የመመረቂያ ጥናቷ። ቤልጂየም ውስጥ ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር የሚተሳሰርበትን መንገድ በተራቀቀ መሣሪያ የሚያጠና ቡድን አገኘች እንበል። ደብዳቤዋ ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም። በመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደሆነችና ምን እንዳገኘች በሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ «አጥንቻለሁ» ሳይሆን «ይህን አግኝቻለሁ»። በሁለተኛው ከቡድኑ ጽሑፎች አንዱን ጠቅሳ፣ የእነርሱ ዘዴ በእርሷ የአፈር ናሙና ላይ ቢሞከር የትኛው ያልተፈታ ጥያቄ እንደሚፈታ ታስረዳለች። በሦስተኛው የምትጠይቀውን ነገር በግልጽ ታስቀምጣለች፦ በራሷ ስም ለየትኛው ፌሎሺፕ ማመልከት እንደምትፈልግ፣ የመዝጊያው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ፕሮፌሰሩ ተቀባይ ለመሆን ፈቃደኛ መሆን አለመሆናቸውን።

ክብደቱ ያለው በዚህ በሦስተኛው አንቀጽ ነው። ቦታ የሚጠይቅ ሰው ፕሮፌሰሩን ገንዘብ እየጠየቀ ነው፤ ገንዘቡ ከሌለ መልሱ ዝምታ ነው። ለፌሎሺፕ አብሮ ማመልከትን የሚያቀርብ ሰው ግን የሚጠይቀው ጊዜና ፊርማ ብቻ ነው። ተሳክቶለት ከመጣ ፕሮፌሰሩ ወጪ የማያወጣበት ተመራማሪ ያገኛል። እንዲህም ሆኖ መልስ ላይመጣ ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር የለውም፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ቡድን መሻገር ይሻላል።

መልስ መጥቶ ንግግር ሲጀመር አመልካቹም መርማሪ መሆን አለበት። ቡድኑ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት ያሳተማቸውን ጽሑፎች አውጥቶ፣ ያን ጊዜ ፖስትዶክ የነበሩትን ሰዎች ስም መመዝገብና ዛሬ የት እንዳሉ መፈለግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ቡድን የሚመሩ ከሆነ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ከጽሑፎቹ ላይ ስማቸው የጠፋ ከሆነ ግን ምክንያቱን ከአንዳቸው መጠየቅ ይገባል። የወጡ ሰዎች ውስጥ ያሉት የማይሉትን ይናገራሉ።

የድጋፍ ደብዳቤ ነገርም አለ። በብዙ ቦታ አመልካቹ ደብዳቤውን አያየውም፤ ጽሕፈት ቤቱ ለደብዳቤ ጸሐፊው በኢሜይል መጠየቂያ ልኮ በቀጥታ ይቀበላል። በኢትዮጵያ የዶክትሬት አማካሪዎች በአስተዳደርና በማስተማር ተወጥረው ስለሚውሉ፣ በመዝጊያው ዋዜማ የሚደረግ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። አማካሪው ከአንድ ወር በፊት ሲቪው፣ የምርምር ዕቅዱና የትኞቹ ሥራዎች ቢጠቀሱ እንደሚበጅ የሚያስረዳ ማስታወሻ ቢደርሰው ደብዳቤው ከባዶ ሙገሳ ያልፋል። «ታታሪና ሥነ ምግባር ያላት ናት» የሚል ደብዳቤ ለገምጋሚ የሚነግረው ነገር የለም፤ «የመለኪያ ዘዴው ሲከሽፍ በራሷ ሌላ ዘዴ ቀርጻ ውጤቱን አረጋገጠች» የሚለው ግን ይነግረዋል።

በዚሁ አጋጣሚ የማጭበርበሩን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። እውነተኛ ተቋም ለማመልከቻ «ማስኬጃ» ወይም ለውል ደብዳቤ ገንዘብ አስልክም። ያለ ቃለ መጠይቅ የሚመጣ ቅጥር፣ ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ ሳይሆን ከተራ የግል ኢሜይል የሚጻፍ የፕሮፌሰር ደብዳቤ፣ ለቪዛ ተብሎ በአስቸኳይ የሚጠየቅ ክፍያ ሁሉ ተመሳሳይ ምልክቶች ናቸው።

በራስ ስም ከሚገኙት ፌሎሺፖች መካከል ለየትኛውም አገር ዜጋ ክፍት በመሆኑ በሰፊው የሚታወቀው የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ-ኩሪ ፌሎሺፕ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ከተቀባዩ ተቋም ጋር በጋራ ነው። ጥሪው በዓመት አንድ ጊዜ ይወጣል፤ የ2025 ጥሪ የተዘጋው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2025 ነበር። ዋናው የምርምር ዕቅድ ከአሥር ገጽ አይበልጥም። ገምጋሚዎች ነጥቡን በሦስት ይከፍሉታል፤ ግማሹ ለሳይንሱ ጥራት፣ 30 በመቶው ሥራው ለተመራማሪውና ለሌሎች ለሚያስገኘው ፋይዳ፣ 20 በመቶው ለአፈጻጸሙ ይሰጣል። ብዙ አመልካቾች አሥሩን ገጽ በሙሉ በሳይንሱ ይሞሉና ቀሪውን ግማሽ ነጥብ በጥቂት መስመር ሊያገኙት ይሞክራሉ። ፉክክሩ በጠነከረበት ቦታ የሚወድቁትም በዚያ ነው።

የዚህ ፌሎሺፕ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሕግ የዝውውር ደንቡ ነው። አመልካቹ ከመዝጊያው ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ፣ ሊሄድበት ባሰበው አገር ከ12 ወራት በላይ ኖሮ ወይም ሠርቶ መሆን የለበትም። ያቺ የአፈር ሳይንቲስት ዶክትሬቷን በኢትዮጵያና በጀርመን በጥምር ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 እስከ ጥር 2024 ጀርመን ተቀምጣ ነበር እንበል። ለ2025ቱ ጥሪ የሚቆጠረው ከመስከረም 2022 ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ውስጥ 16 ወራት ጀርመን ስለነበረች፣ የምታውቀው፣ የሚያውቃትም የጀርመን ፕሮፌሰር ሊቀበላት አይችልም፤ ማመልከቻው ሳይገመገም ይወድቃል። ቤልጂየም ወይም ኔዘርላንድ ግን በሩ ክፍት ነው። የጀርመኑ ቆይታ 11 ወር ቢሆን ኖሮ ጀርመንም ክፍት ነበረች። ስለዚህ የጥምር ዶክትሬት ያላቸው ሰዎች ፕሮፌሰር ከመፈለጋቸው በፊት የፓስፖርታቸውን ማኅተም ቢቆጥሩ የወራት ልፋት ይተርፋቸዋል።

የጊዜው አቆጣጠርም ወደ ኋላ ነው። በመስከረም ለሚዘጋ ጥሪ ከፕሮፌሰሩ ጋር መስማማት ያለበት ቢዘገይ በግንቦት ነው፤ በአውሮፓ ክረምቱ የዕረፍት ወቅት ስለሆነ በነሐሴ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ውጤቱ በየካቲት አካባቢ ይነገራል፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ላብራቶሪው በር ከአንድ ዓመት በላይ ይሄዳል ማለት ነው። በ2024 ጥሪ 10,360 ማመልከቻዎች ቀርበው 1,696 ተመራማሪዎች ተመርጠዋል፤ ከስድስት አንድ ገደማ ነው። በ2025 ግን የማመልከቻው ብዛት ከ17,000 አልፏል። በአንድ ፌሎሺፕ ላይ ብቻ ተስፋን መጣል የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የጀርመኑ የሁምቦልት ፋውንዴሽን አሠራር ከዚህ ይለያል። ለፖስትዶክ ከ6 እስከ 24 ወር የሚቆይ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻ በማንኛውም ጊዜ ይቀበላል፤ ለአገር ወይም ለትምህርት ዘርፍ የተመደበ ኮታ የለውም። የሚመዝነው በዋናነት ሰውየውን ነው፦ ያሳተመውን፣ የምሁራንን ምስክርነት፣ የተቀባዩን አስተያየት። የተቀበለውን ሰው ጊዜው ሲያልቅ አይለቀውም። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ለዳግም ጉብኝትና ለምርምር መሣሪያ የሚሆን ድጋፍ ሊጠይቅ ይችላል። የጃፓኑ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ፌሎሺፕም አለ፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው ግን ጃፓን ያለው ተቀባይ ተመራማሪ ስለሆነ ከሁሉ በፊት እርሱን ማግኘት ግድ ነው።

የገንዘቡን መጠን በሚያነቡበት ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ፌሎሺፕ የሚጻፈው ወርኃዊ አበል ለአሠሪው የሚከፈል ነው፤ የአሠሪው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮና የተቀጣሪው ግብር ከዚያ ላይ ይቀነሳል። በጀርመን ደግሞ በውል የተቀጠረና በድጋፍ ገንዘብ የሚኖር ሰው እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ እርከን ይከፈለዋል፣ የጡረታና የጤና ዋስትና ይገባለታል፤ ሁለተኛው በአብዛኛው ጡረታ አይቆረጥለትም፣ የጤና መድኑንም ጉዳይ ራሱ ይፈጽማል።

አሜሪካ ለሚሄዱ ሰዎች ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ቪዛውም ወጥመድ አለው። ዩኒቨርሲቲዎች ፖስትዶኮችን በአብዛኛው የሚያስገቡት ጄ-1 በተባለው የልውውጥ ቪዛ፣ «ተመራማሪ ምሁር» በሚለው ምድብ ነው። ይህ ምድብ እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል። ነገር ግን ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ከተጠናቀቀ በዚያው ምድብ ተመልሶ ለመግባት 24 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቆይታ ስምንት ወር ብቻ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው። ለጥቂት ወራት ለሚደረግ ጉብኝት እስከ ስድስት ወር የሚፈቅደው «የአጭር ጊዜ ምሁር» ምድብ ቢመረጥ ግን ይህ ክልከላ አይመጣም። ምድቡን የሚመርጠው የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ፣ ሰነዱ ከመዘጋጀቱ በፊት መጠየቅ የተመራማሪው ፈንታ ነው። ከዚህ ሌላ በመንግሥት ገንዘብ የሄዱ ወይም ለአገራቸው ያስፈልጋሉ ተብለው በተዘረዘሩ ሙያዎች ውስጥ ያሉ ሰዎች፣ አሜሪካ ውስጥ ለቋሚ ነዋሪነት ወይም ለአንዳንድ የሥራ ቪዛዎች ከመብቃታቸው በፊት ሁለት ዓመት በአገራቸው እንዲኖሩ ሊገደዱ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ወዴት ይደርሳል? የብዙዎቹ ምኞት ፕሮፌሰርነት ነው፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ በሳይንስ ዶክትሬት ከሚይዙት ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ቋሚ የምርምር ሥራ የሚያገኙት 3.5 በመቶ፣ ፕሮፌሰር የሚሆኑት ደግሞ ከግማሽ በመቶ ያነሱ እንደሆኑ አሳይቷል። ሹላሚት ካንና ዶና ጊንተር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የሥነ ሕይወትና ሕክምና ዘርፍ ባሳተሙት ጥናት፣ ፖስትዶክ የሠሩ ሰዎች ዶክትሬት በያዙ በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ሊያገኙ ከሚችሉት ገቢ አንድ አምስተኛ ያህሉን እንደሚያጡ አስልተዋል። ወደ ኢንዱስትሪ ለመግባት ላሰበ ሰው ፖስትዶክ አቋራጭ ሳይሆን ዙሪያ ጥምጥም ነው ማለት ነው።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሕጉ ራሱ ሰዓት ቆጣሪ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳይንስ ሠራተኞች የውል ዘመን ሕግ ከዶክትሬት በፊት ስድስት ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላም ስድስት ዓመት የጊዜ ገደብ ያለበት ውል ይፈቅዳል፤ ለሕክምና ከዶክትሬት በኋላ ያለው ዘጠኝ ዓመት ነው። ያ ሲያልቅ ቋሚ ቦታ ያላገኘ ሰው በዚህ ሕግ መሠረት እንደገና ሊቀጠር አይችልም። በ2021 ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች «እኔ ሐና ነኝ» በሚል መፈክር በማኅበራዊ ሚዲያ ቅሬታቸውን ያሰሙት ስለዚህ ነበር፤ ሐና መንግሥት ሕጉን ለማስረዳት በሠራው ቪዲዮ ውስጥ ያለች ገጸ ባሕርይ ስም ናት። በአሜሪካ በኩል ግን ለውጭ ዜጎችም ክፍት የሆነ አንድ ድልድይ አለ። የብሔራዊ የጤና ተቋማት ኬ99 የሚባለው ድጋፍ የፖስትዶክ ልምዳቸው ከአራት ዓመት ላልበለጠ ተመራማሪዎች ይሰጣል፤ የመጨረሻውን የፖስትዶክ ጊዜ ከሸፈነ በኋላ፣ ተመራማሪው ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ሲቀጠር የምርምር ገንዘቡ ተከትሎት ይሄዳል። አራት ዓመቱን ሳያውቅ ያሳለፈ ሰው ዕድሉ አልፎበታል።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ስሌት ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ስለ ፖስትዶክ የሚጻፉ የውጭ ምክሮች ብዙ ጊዜ የማይገጥሙትም ለዚህ ነው። የአሜሪካው ወይም የጀርመኑ ፖስትዶክ ቋሚ ሥራ እየፈለገ ነው። ከኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ሥራና የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ይዞ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ወስዶ የሚሄድ ነው፤ የትምህርት ጊዜው የአገልግሎት ግዴታም ላያልቅለት ይችላል። እርሱን የሚያሳስበው ቦታ ማግኘት ሳይሆን ሲመለስ ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል የሚለው ነው። በሌላ ሰው ፕሮጀክት ላይ ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ውድ መሣሪያ ብቻ የሚፈታው ጥያቄ ይዞ የተመለሰ ሰው ብዙ ሊያሳትም ይችላል፤ አገሩ ላይ ግን የሚቀጥለው ነገር የለውም። አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ ናሙናው ከኢትዮጵያ የሆነ፣ ከፊሉ እዚሁ ሊለካ የሚችል ጥያቄ ይዞ የተመለሰ ሰው ከእርሱ የተሻለ ቦታ ላይ ነው።

ይህ እንዲሆን ስምምነቱ ከመውጣት በፊት መጻፍ አለበት። የትኛው መረጃና ናሙና ከተመራማሪው ጋር እንደሚመለስ፣ በኋላ በሚወጡ ጽሑፎች ላይ የጸሐፊነት ተራው እንዴት እንደሚሆን፣ ቡድኑ መሣሪያውን በርቀት እንዲጠቀም ይፈቅድ እንደሆነ በኢሜይልም ቢሆን ተጽፎ መቀመጥ ይገባዋል። በቃል የተባለ ነገር ፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲ ሲለውጥ ወይም ጡረታ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል።

ከተመለሱ በኋላ የሚታይ የገንዘብ ምንጭም አለ። በጣሊያን ትሪየስቴ ከተማ የሚገኘው ለታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች የቆመው ድርጅት፣ ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ.፣ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ወደ ኋላ በቀሩ አገሮች በራሳቸው ተቋም ቡድን ለሚመሠርቱ ሴት ተመራማሪዎች ለሁለት ዓመት እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ፌሎሺፕ ይሰጣል። ገንዘቡ ለመሣሪያ፣ ለረዳቶችና ለጉዞ ይውላል። ያቺ የአፈር ሳይንቲስት ከቤልጂየም ስትመለስ ያለቀላት የምርምር ዕቅድና የውጭ ተባባሪ ይዛ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ ብታመለክት፣ የፖስትዶክ ጊዜዋ ውጤት የሚለካው በዚያ ማመልከቻ ጥንካሬ ነው።